ያጠናችው ወዴት ጠፋ?

ሰኔ ሲቃረብ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። እናት ለጎረቤቷ «ልጄ ሌሊቱን ስታጠና ታድራለች። ቤት ውስጥ ብትጠይቂያት የማትመልሰው የለም። ሞዴል ፈተና ላይ ስትቀመጥ ግን ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋባታል» ትላለች። ጎረቤትም እንደ ልምዷ ትመልሳለች። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ስንፍና ነው» ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «ከመጠን በላይ አጥንታ ጭንቅላቷ ሞልቶ ነው» ትላለች። በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። ልጅቱ ያጠናችው ነገር በእርግጥ ጠፍቷልን? ካልጠፋስ የት ተደብቆ ነው? ቤተሰብስ ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ምን ሊያደርግ ይችላል?

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ብዙ ወላጆች እስካሁን በድሮ ስሙ «ማትሪክ» የሚሉት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ጀምሮ በአዲስ መልክ መሰጠት ጀምሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየቤታቸው ተነሥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አድረው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እነዚህን አሃዞች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያልሰማ ተማሪ የለም። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉንም በፍርሃት ማመካኘት ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ከመቶ ጥቂቶች ብቻ እንደሚያልፉ እያወቀች ለፈተና የምትቀመጥ ልጅ ልቧ ባይመታ ነበር የሚገርመው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ያልተጠና ነገር አለ፤ ተጠንቶ በፍርሃት የተያዘ ነገር ደግሞ አለ። ሁለቱ በፈተናው ወረቀት ላይ ተመሳሳይ ባዶ ቦታ ሆነው ስለሚታዩ ብዙ ወላጅና ብዙ መምህር አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። መለያው ግን ቀላል ነው። ልጅዎ ከሞዴል ፈተና ስትመለስ በታክሲ ውስጥ ወይም ጫማዋን ስታወልቅ መልሱ ራሱ ከመጣላት ነገሩ በአእምሮዋ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ በፈተናው ሰዓት መውጫ አጥቶ ነበር። መጽሐፉን ገልጣ መልሱን ስታየው እንኳ እንደ አዲስ ነገር ከሆነባት ግን አላጠናችውም፤ ወይም ዐይኗ ብቻ አልፎበታል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ጥናት እንጂ ማረጋጋት አይደለም። ስለዚህ ከየሞዴል ፈተናው በኋላ የተሳቱትን ጥያቄዎች ከእርሷ ጋር ተቀምጠው በሁለት ዓምድ ይጻፉ፤ በአንደኛው ዓምድ «በኋላ የመጣልኝ»፣ በሁለተኛው «የማላውቀው»። የትኛው ዓምድ እንደሚረዝም ከታየ በኋላ የቤተሰቡ ክርክር ግማሹ ያበቃል።

አሁን ወደ አንደኛው ዓምድ እንግባ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ሁለት ነገሮችን በተለያየ ፍጥነት ይለቃል። የመጀመሪያው አድሬናሊን ነው። እርሱ ወዲያውኑ ይደርሳል፤ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያልባል፣ አፍን ያደርቃል። ሁለተኛው ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ነው። ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ትናንሽ ዕጢዎች ይመነጫል፤ ነገር ግን የሚዘገይ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ድንጋጤው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ይህ መዘግየት ለተፈታኝ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

ኮርቲዞል በደም አማካይነት አንጎል ውስጥ ሲገባ ከሚነካቸው ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የተባለው ነው። ሂፖካምፐስ የተማርነውን ለማስቀመጥም ሆነ ያስቀመጥነውን ፈልጎ ለማውጣት የሚያገለግል ክፍል ነው። ዶሚኒክ ደ ኬርቫን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በውኃ ገንዳ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ የት እንዳለ የተማሩ አይጦችን ከፈተናው 30 ደቂቃ ቀደም ብለው አስደነገጧቸው፤ አይጦቹም ቦታውን ማግኘት አቃታቸው። ከፈተናው 2 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት አስቀድመው የተደናገጡት ግን ያለ ችግር አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በዙሪክ ሰዎች በዋዜማው ያጠኗቸውን ቃላት እንዲያስታውሱ ከመጠየቃቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ኮርቲዞን የተባለ እንክብል ተሰጣቸው። የማስታወስ ችሎታቸው ቀነሰ። እንክብሉ ቃላቱን ከማጥናታቸው በፊት ወይም ካጠኑ በኋላ ወዲያው ሲሰጥ ግን በማግሥቱ ያስታወሱት አልቀነሰም። እንግዲህ ሆርሞኑ የሚያውከው ማስቀመጡን ሳይሆን ማውጣቱን ነው። «ያጠናሁት ሁሉ ተሰረዘ» የምትል ልጅ ተሳስታለች። አልተሰረዘም፤ ለአንድ ሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል መውጫው ጠቦበት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሰው ሒሳብ ሲሠራ ወይም ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ለጊዜው በሐሳቡ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ለስድስት ሰው በተዘረጋ መሶብ ዙሪያ አሥር ሰው ቢቀመጥ ሁሉም እንደማይጠግብ፣ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ «ብወድቅስ?»፣ «አባቴ ምን ይላል?»፣ «ሰዓቱ እያለቀ ነው» የሚሉ ሐሳቦች ከተቀመጡ ለጥያቄው ቦታ አይተርፍም። በተለይ የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ የሚጎዳው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛውም ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። በእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይቀጥላሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የሚነጋገሩም አሉ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ በልብ ቋንቋ መረዳት ራሱ ከዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ድርሻ ይወስዳል። ፍርሃት ሲጨመርበት ልጅቱ አንዱን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ አንብባ ምንም ላይገባት ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ የምትኖር አንዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንበል። የደም ዝውውርን ትምህርት በደንብ ታውቃለች፤ ለታናሽ ወንድሟም በእጇ ደረቷ ላይ እየጠቆመች አስረድታዋለች። ፈተናው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀምራል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዳራሹ ደጃፍ ስትደርስ ጓደኞቿ ደብተር ገልጠው ቆመዋል። አንዷ «ያ የመጨረሻው ምዕራፍ ይመጣል አሉ፤ አንብበሽዋል?» ትላታለች። ያን ምዕራፍ በለብለብ ነው ያየችው። ልቧ መምታት ይጀምራል፤ ይህ አድሬናሊኑ ነው። ደብተር ተውሳ ሦስት ገጽ ታገላብጣለች፤ አንዱም አይገባትም። 3 ሰዓት ላይ ወረቀቱ ሲታደል ከድንጋጤው 30 ደቂቃ ሆኖታል፤ የዘገየው ኮርቲዞል ከፍ የሚልበት ሰዓት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ሆኖ ያጋጥማታል። ታልፈው ዘንድ አትደፍርም፤ አሥር ደቂቃ ትቀመጥበታለች። አምስተኛው ጥያቄ ስለ ልብ ክፍሎች ሲመጣ ያ ለወንድሟ ያስረዳችው ሁሉ የለም። 6 ሰዓት ላይ ወጥታ ውኃ ስትጠጣ የቀኝና የግራ ክፍሎቹ ሁሉ ተሰልፈው ይመጡላታል።

በዚህች ልጅ ላይ የደረሰው ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችል ነበር። አንደኛ፣ ከፈተናው በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ከሁሉ የከፋች የማጥኛ ጊዜ ናት፤ ከደጃፍ ወሬ መራቅ፣ ደብተሩን ማታ ዘግቶ መተው፣ ጠዋት ብቻዋን ወይም ከምታረጋጋት አንዲት ጓደኛ ጋር ቀስ ብሎ መራመድ ይሻል ነበር። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚከብድ መሆኑን ካወቀች በዚያ ጊዜ የሚቀሉትን ጥያቄዎች መርጣ ትሠራለች፤ ከባዶቹን ሆርሞኑ እየቀነሰ ሲሄድ ትመለስባቸዋለች። በአንድ ጥያቄ ላይ ባዶ ስትሆን ደግሞ እርሳሷን አስቀምጣ ሦስት ጊዜ በቀስታ መተንፈስ፣ ከዚያም መልሱን በግድ ከመፈለግ ይልቅ በዙሪያው ያለውን ማሰብ ትችላለች። ያ ትምህርት በገጹ በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ? መምህሩ በሰሌዳው ላይ ምን ሥዕል ሥለው ነበር? ለወንድሟ ስታስረዳ ከየት ጀመረች? አእምሮ ነገሮችን አያይዞ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ጫፍ ከተያዘ ሌላው ብዙ ጊዜ ይከተላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በፈተናው ቀን ተነግሮ በዚያው ቀን የሚሠራ አይደለም። ቢያንስ ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በፊት መለማመድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት የጥናቱ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን ማጥናት ሲባል ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ይመስላቸዋል። በቀይና በቢጫ ቀለም የተሰመረበት ደብተር ሲያዩት የሚያውቁት ይመስላል፤ ማየትና ማስታወስ ግን የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 120 ሰዎችን ቃላትና ሥዕሎች ካስጠኑ በኋላ በሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ደግመው እንዲያጠኑ፣ ግማሾቹ ግን ሳያዩ አስታውሰው እንዲጽፉ አደረጉ። በማግሥቱ ከሁለቱም ወገን የተወሰኑትን በሰዎች ፊት ንግግር በማስደረግና ሒሳብ በማሠራት አስጨነቋቸው። ደግመው ያጠኑት ሰዎች ከጭንቀቱ በኋላ ብዙ ረሱ። አስታውሰው የጻፉት ግን ቢጨነቁም ያልተጨነቁትን ያህል አስታወሱ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ፍርሃትን የሚቋቋም ዕውቀት የሚገነባው መጽሐፍ ተዘግቶ ነው ማለት ነውና።

በቤት ውስጥ እንዲህ ይደረጋል። ልጅዎ 25 ደቂቃ ያህል ታንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ሁሉ ለ10 ደቂቃ ትጻፍ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት መስመር ብቻ ጽፋ ታለቅስ ይሆናል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣ የጎደለውን በሌላ ቀለም ትሙላ። ያንኑ ርዕስ በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ እንደገና ሳታይ ትጻፈው። እርስዎ ትምህርቱን ባያውቁትም መርዳት ይችላሉ። እንጀራ ሲጋግሩ አጠገብዎ ትቀመጥና የተማረችውን በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ትንገርዎ፤ «አልገባኝም፣ እንደገና ንገሪኝ» ማለት ይበቃል። በልቧ ቋንቋ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ዋና ዋናዎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት በወረቀት ላይ ታስፍር። ያልተማሩ እናት ለልጃቸው ጥሩ አስጠኚ ሊሆኑ የሚችሉበት ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ የቆየ የፈተና ወረቀት ይዛ ከቤት ውጭ ትቀመጥ፤ በጎረቤት ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ባዶ ክፍል፣ የትም ይሁን። በሰዓት ተለክቶ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ትሥራ። የማታውቀው ወንበርና የማታውቀው ጠረጴዛ ትንሽ ልቧን ይመታዋል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው። ትንሽ ፍርሃት ጎጂ አይደለም፤ ነቃ ያደርጋል። ልጅቱ ልቧ እየመታ እንኳ መልስ ሊመጣላት እንደሚችል በራሷ ላይ ካየች በኋላ የልብ ምቱን እንደ መዓት አትቆጥረውም።

ሁለተኛው ልምምድ አተነፋፈስ ነው። ነገሩ ቀላል በመምሰሉ ብዙ ሰው ይንቀዋል። አንድ እጅ ሆድ ላይ ይቀመጣል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ይገባል፤ ሆድ ሲነፋ እጁ ከፍ ይላል፤ ደረትና ትከሻ አይነሡም። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠሩ በቀስታ ይወጣል። ይህ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል መተንፈስ ነው። መውጫው ከመግቢያው መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንፋሽ ሲወጣ ልብን የሚያዘገየው ነርቭ ሥራው ይበረታል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ አምስት ደቂቃ፣ ማታ ከመተኛት በፊት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሲበላሽም ያስታውቃል፦ ልጅቱ ጣቶቿ ከተወዘወዙባት፣ ከንፈሯ ከደነዘዘ ወይም ራሷ ከዞረ በጣም በኃይልና በፍጥነት እየተነፈሰች ነው፤ ትንፋሹን አነስ፣ ቀስ ማድረግ ያሻል። በየቀኑ ያልተለማመዱት ትንፋሽ በፈተናው አዳራሽ ሌላ ጭንቀት ይሆናል፤ «መተንፈስም አቃተኝ» የምትለዋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን የሞከረችው ናት።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው፤ እዚህ ላይ ከብዙ ወላጆች ጋር ሳንጣላ አንቀርም። መብራት አብርታ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ የምትቀመጥ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ ጎበዝ ተብላ ትመሰገናለች። ቀን የተጠናው ነገር በአንጎል ውስጥ ሥር የሚይዘው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በተጨማሪም እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ በትንሽ ነገር ይደነግጣል። ለዚህ ዕድሜ በሌሊት ስምንት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልጋል። ቡና ከጠጡ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ያህል በሰውነት ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ለተፈታኝ ቡና ባይቀዳላት ይሻላል። ስለ ጫትም ዝም ማለት አይገባም። በተለይ ወንዶቹ ለጥናት ነው እያሉ ይቅማሉ። ጫት ያነቃል፤ ልብንም ያስሮጣል፤ እንቅልፍን ይነሣል፤ ምርቃናው ሲያልቅም ድብርት ይከተላል። ለፈተና ቀን የማይፈለገው ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ያለው እዚያ ነው።

ሴቶቹን በተመለከተ ሌላ ነገር አለ። ሱሉልታ ላይ በማለዳ ወተት ለማድረስ የምትወጣው ማን ናት? ሰበታ ላይ እናት ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ ምሳ የምትሠራውና ታናናሾቿን የምታጥበው ማን ናት? ወንድሟ ስምንት ሰዓት ሲተኛ እርሷ ስድስት ሰዓት ከተኛች፣ የማስታወስ ችሎታዋ ከወንድሟ ያነሰው በተፈጥሮ አይደለም። ቢያንስ ለመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት ሥራው በቤተሰቡ አባላት ሁሉ፣ በአባትም ጭምር፣ ይከፋፈል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ማስወጣቱ ግን አይመከርም፤ ግማሽ ሰዓት ልብስ ማጠብ ወይም ውኃ መቅዳት አካልን ያንቀሳቅሳል፣ ሐሳብንም ያሳርፋል።

ወደ ንግግር እንለፍ። «አደራ፣ እንዳታዋርጂኝ»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው ከሰው ቤት የምሠራው»፣ «የእነ እገሌ ልጅ እንኳ አልፋለች» የሚሉት ቃላት ከፍቅር የሚወጡ መሆናቸውን እናውቃለን። በፈተናው አዳራሽ ግን ያችን ጠባብ መሶብ የሚከቡት እነዚሁ ቃላት ናቸው። በምትኩ ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቋት፦ «ዛሬ ምን ጻፍሽ? ከትናንት ወዲያ የረሳሽው መጣልሽ?» አባት ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ዝምታው ለልጅ ቁጣ ሊመስላት ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በግልጽ «ብታልፊም ባታልፊም ልጄ ነሽ፤ ካልሆነም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» ይበላት። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በየቀኑ ከተባለ ትጠራጠራለች።

ጭንቀትን በጽሑፍ ስለማውጣትም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ፍርሃታቸውን በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቶ ነበር። በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ ስለዚህ የታመነ መድኃኒት ነው አንልም። ወጪ የለበትም፤ በዋዜማው ማታ ጽፋ ወረቀቱን ቀዳ ምድጃ ውስጥ መጣል የሚያቀልላት ልጅ ካለች ታድርገው። መጸለይ የለመደችም እንደ ልማዷ ትጸልይ፤ ሰዓቱን ግን ከእንቅልፏ ላይ አትውሰድ።

ይህን ሁሉ ያልፋል የምንለው ጭንቀትም አለ። ልጅዎ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ያለ ምክንያት በድንገት ትንፋሽ እያጠራት የምትሞት የሚመስላት ከሆነ፣ ወይም «ብወድቅ መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ፣ ይህ በአተነፋፈስ ልምምድ የሚታለፍ አይደለም። «ለማስፈራራት ነው» ብለው አይለፉት። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዷት፤ አስፈላጊ ከሆነ ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይመሯታል። የአማኑኤል ስም ሲነሣ የሚያፍር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ልጅቱን ብቻዋን አይተዋት፤ ሌላውን ይሉኝታ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

በመጨረሻ የጉዞው ነገር። ልጅዎ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድራ የምትወስድ ከሆነ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ታድራለች፤ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ማታ ደውላ ድምፅዎን አትሰማም። ይህን አስቀድማ ብትለምደው መልካም ነው። ከመሄዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በአክስቷ ወይም በጓደኛዋ ቤት፣ ያለ ስልክ፣ ትደር። እዚያም ጠዋትና ማታ የለመደችውን ትንፋሽ ታድርግ። በሻንጣዋ ውስጥ በቤት የምትለብሰውን ነጠላ ወይም ጋቢ ይክተቱላት፤ የለመዱት ሽታ በእንግዳ አልጋ ላይ እንቅልፍ ያመጣል። የሰኔ ጾምን የምትጾም ከሆነች በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዝላት። በባዶ ሆድ የምትፈተን ልጅ የሆዷን መንቀጥቀጥ ከፍርሃት ለይታ አታውቀውም። በማታ በዶርም ውስጥ ያለፈውን ፈተና መልስ እያነጻጸሩ የሚጨቃጨቁ ልጆች አይጠፉም፤ «እኔ ነገ እነግራችኋለሁ» ብላ ጋቢዋን እንድትከናነብ ከአሁኑ ይምከሯት።

በመኪና መናኸሪያው ስትሸኟት ደግሞ ሌላውን ምክር ሁሉ ይተዉትና ስለ ምሳዋ፣ ስለ ጫማዋ ወይም ስለ ታናሽ ወንድሟ ያጫውቷት። ስትመለስም በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ነበር?» አይበሏት፤ ውኃ ያሙቁላት፣ ምግብ ያቅርቡላት፣ ትተኛ።